እርጥቡን ከላይ አድርጉት

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ መልእክታችን በቴሌግራም ልብስ ለምትሸጡ ነው። ብዙዎቻችሁ አንድ ቻናልና አንድ ግሩፕ ከፍታችሁ ሐላል ሪዝቅ እየፈለጋችሁ ነው። አላህ በረካ ያድርግላችሁ።

እስቲ በየቀኑ የምናየውን ዓይነት አንድ ፖስት እናንብብ፦

«ኦሪጅናል የዱባይ አባያ! 4,500 የነበረው ዛሬ ብቻ 2,800 ብር! ፍሪ ሳይዝ! 3 ፍሬ ብቻ ቀርቷል፣ ፍጠኑ!»

አሁን ቤት ውስጥ ያለውን እንይ እንበል። አባያው ከመርካቶ የተገዛ ነው፤ የት እንደተሰፋ ሻጯም አታውቅም። በ4,500 ብር አንድም ቀን ተሽጦ አያውቅም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው 3 ሳይሆን 17 ፍሬ ነው። ፎቶው ከሌላ ገጽ የተወሰደ ነው። ጨርቁ ደግሞ ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡበት ያሳያል። ገዢዋ እህት አባያውን የፈለገችው ለመሸፈን ነበር። ሱብሓነላህ!

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ እንዳስገቡና ጣታቸው እርጥበት እንዳገኘው ሙስሊም ዘግበውታል። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

ልብ በሉ፣ እህሉን ያረጠበው ሰውዬው አይደለም፤ ዝናብ ነው። የተወቀሰው እርጥቡን ከሥር በመደበቁ ነው። እናንተም ስስ ጨርቅ መሸጣችሁ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ስስነቱን መደበቅ ነው። ያ የገበያ ገዢ ቢያንስ እጁን ወደ ክምሩ ማስገባት ይችል ነበር። የቴሌግራም ገዢ ግን የሚነካው ነገር የለውም። ያለው የእናንተ ፎቶና የእናንተ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግሩፑ ላይ የሚሆነው ነው። ፖስቱ እንደወጣ የሻጯ እህት «እኔ 2 ወስጃለሁ፣ ማሻአላህ ጥራቱ!» ትላለች። ጓደኛዋ «ለእኔም አንድ ያዢልኝ» ትላለች። ሁለቱም አልገዙም፣ የመግዛት ሐሳብም የላቸውም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነጅሽ ይባላል። ሳይፈልጉ የፈለጉ መስሎ ሌላውን ገዢ ማጓጓት ሲሆን፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል። ስለዚህ «ኮሜንት አድርጉልኝ» ብላችሁ ቤተሰብ ስትጠይቁ፣ ኃጢአቱን ለእነሱም እያካፈላችሁ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚረሳው ነው። አንዳንዶቻችን ዕቃው እጃችን ላይ የለም። የነጋዴውን ፎቶ እንለጥፋለን፣ ቀብድ እንቀበላለን፣ ከዚያ ልንገዛ መርካቶ እንሮጣለን። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ሲጠይቋቸው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጁ ላይ የሌለውን እንዳይሸጥ ነግረውታል። መርካቶ ስትደርሱ ዕቃው አልቆ ወይም ዋጋው ጨምሮ ስታገኙት ጠቡ የሚነሳው ከዚህ ነው። መውጫ መንገድ ግን አለ። «ዕቃው የእኔ አይደለም፤ ገዝቼ አመጣላችኋለሁ፣ የድካሜ 200 ብር ነው» ብላችሁ እንደ ወኪል መሥራት ትችላላችሁ። ዝርዝሩን በአቅራቢያችሁ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ።

አሁን ያንን ፖስት እንደገና እንጻፈው፦

«አባያ፣ ከመርካቶ የገዛነው። ፎቶው በስልካችን በቀን ብርሃን የተነሳ ነው። ሳይዝ 54 (ርዝመቱ 137 ሳንቲ ሜትር) እና 56 (142 ሳንቲ ሜትር)። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ከውስጥ የሚለበስ ያስፈልገዋል። 17 ፍሬ አለ። 2,800 ብር፣ ማድረሻ ለብቻ። ካልሆናችሁ በ2 ቀን ውስጥ መልሱልን።»

«በዚህ ማን ይገዛል?» ትሉ ይሆናል። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ከ5 ይልቅ 2 ትሸጡ ይሆናል። ነገር ግን ስስ መሆኑን አውቃ የገዛች እህት በማግስቱ «አታለልሽኝ» ብላ አትመጣም። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ በረካው እንደሚጠፋ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በረካው ያለው በፖስቱ ቃል ውስጥ ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። አላህ በሱረቱል ጁሙዓ ለሶላት ስንጠራ ሽያጭን እንድንተው አዞናል፤ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ ችሮታውን እንድንፈልግ ፈቅዶልናል። እናንተ መስጂድ ተቀምጣችሁ ቀድማችሁ በሰዓት የቀጠራችሁት «ፍጠኑ!» የሚል ፖስት በኹጥባ መሐል ቢወጣ፣ የስንቱ ወንድም ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንጫጫል? ቀጠሮውን ከሶላት በኋላ አድርጉት። እስከዚያ ቻናላችሁን ከፍታችሁ የመጨረሻዎቹን 10 ፖስቶች አንብቡ፤ እርጥቡ ከሥር የቀረበትን አርሙ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ምላሳችንን እውነተኛ ያድርግልን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ።