ካርዱ ላይ የተጻፈው አለርጂ

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ 28 ኪሎ። ከሁለት ቀን ጀምሮ ያተኩሳታል፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷታል፣ ሳልም ሆነ የአፍንጫ ፈሳሽ ግን የላትም። ቶንሲሏ አብጦ ነጭ መግል ለብሷል፤ ከመንጋጋዋ ሥር ያሉት ዕጢዎች ሲነኩ ያማሉ። ከጉሮሮዋ በጥጥ የተወሰደው ናሙና በፈጣኑ ምርመራ ታይቶ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቷል። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ሊያዝ ሲል ግን እናቷ አቋረጡት፦ «ዶክተር፣ መርፌውን እንዳይወጓት፤ ፔኒሲሊን አይስማማትም።» የሕክምና ካርዷ ላይም በቀይ እስክሪብቶ «ለፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ሌላ ምንም የለም፤ ቀኑም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትም፣ ምን እንደሆነችም አልተጻፈም።

እንዲህ ያለ ካርድ በእጁ የገባ ብዙ ባለሙያ ወዲያው ወደ አዚትሮማይሲን ይሄዳል። ይህ ሐኪም ግን ወንበሩን ወደ እናትየው አስጠግቶ መጠየቅ ጀመረ። መድኃኒቱ ምን ነበር? የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ። ዕድሜዋ ስንት ነበር? ሦስት ዓመት፤ ለጉንፋንና ለጆሮ ሕመም ነው የታዘዘላት። በስንተኛው ቀን ሽፍ አለች? በስድስተኛው። ምን ይመስል ነበር? ሆድና ጀርባዋ ላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች፤ ትንሽ ያሳክካታል። ፊቷ ወይም ከንፈሯ አብጦ ነበር? የለም። ትንፋሽ አጥሯት፣ አስመልሷት፣ ራሷን ስታ ነበር? የለም። ቆዳዋ ውኃ ቋጥሮ ወይም ተልጦ፣ አፏ ውስጥ ቆስሎ ነበር? የለም። እንዴት ተሻላት? ሽሮፑን አቆሙላትና በሦስት ቀን ጠፋ። ከዚያ ወዲህስ ፔኒሲሊን ወስዳ ታውቃለች? በፍጹም።

እነዚህ ጥያቄዎች አምስት ደቂቃ አልፈጁም። ሕክምናውን የወሰኑት ግን እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም «አለርጂ» በሚለው አንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይኖራሉ።

አንደኛው ወዲያው የሚመጣው ነው። መድኃኒቱ በተወሰደ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ይጀምራል። ሽፍታው ከቆዳው ከፍ ብሎ ያበጠና ክፉኛ የሚያሳክክ ነው፤ አንድ ቦታ ሳይቆይ ከዚህ ጠፍቶ እዚያ ይወጣል። ከንፈርና ዓይን ሊያብጥ፣ ትንፋሽ ሊያጥር፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ትንፋሽ ወይም ግፊት ከተነካ ሕይወት የሚያድነው ወዲያው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሁለተኛው ዘግይቶ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚወጣው ተራ ሽፍታ ነው፤ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ደረትና ጀርባ ላይ ይበተናሉ፣ ልጁ ግን ይጫወታል፣ ይበላል። ሦስተኛው ብርቅ ቢሆንም አደገኛ ነው፦ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ አፍ፣ ዓይንና የብልት አካባቢ ይቆስላል፤ ወይም ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ፊት ያብጣል፣ ጉበት ይታወካል። ይህ የደረሰበት ሰው ፔኒሲሊን ዳግመኛ አይወስድም፤ ለሙከራም ቢሆን አይሰጠውም።

የልጅቷ ታሪክ ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃል። በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን መድኃኒቱ የታዘዘለት ቫይረስ ራሱ ነው፤ ወይም ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የሞንትሪያል ጥናት ነው። የካናዳ ሐኪሞች በአሞክሳሲሊን ምክንያት ሽፍታ ወጣባቸው የተባሉ 818 ልጆችን ሰብስበው፣ በክትትል ሥር መድኃኒቱን መልሰው ሰጧቸው። 94 ከመቶ የሚሆኑት ምንም አልሆኑም። ወዲያው ምላሽ ያሳዩት 17 ብቻ ነበሩ፤ 31 ያህሉ ደግሞ ዘግየት ብሎ ሽፍታ ወጣባቸው። እውነተኛው ወዲያው የሚመጣ አለርጂም ቢሆን ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ መድኃኒቱን ሳይወስዱ አሥር ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ውስጥ ከአምስት አራቱን ያህል አለርጂው ይለቃቸዋል።

ታዲያ ሐኪሙ እዚያው አሞክሳሲሊን ለምን አልሰጣትም? ታማለችና። ትኩሳት ላይ ያለ ልጅ ሽፍታ ቢወጣበት ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ ለመለየት ያስቸግራል፤ እናትየውም ፍርሃታቸው ገና አልተፈታም። ፔኒሲሊን እንደ ገና የመሞከሩን ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆይቶ ለአሁኑ ሴፋሌክሲን መረጠላት። ይህ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነ መድኃኒት ነው፤ የቀድሞው ሽፍታ ዘግይቶ የመጣና ቀላል ከሆነ ግን በደህና ይሰጣል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። 28 ኪሎ ሲባዛ 560 ይመጣል፤ የአንድ ጊዜ ጣሪያው 500 ሚሊግራም ስለሆነ 500 ጠዋት፣ 500 ማታ፣ ለአሥር ቀን ታዘዘላት። አሥሩ ቀን የሚያስፈልገው ባክቴሪያውን ከጉሮሮ ጨርሶ ለማጥፋት፣ በዚያም ልብን የሚጎዳውን የሩማቲክ ትኩሳት ለመከላከል ነው። ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ የተጀመረ ሕክምና ይህን መከላከያ ስለሚሰጥ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁልጊዜ ጊዜ አለ።

በማግሥቱ ማታ እናትየው ልጅቷን ይዘው ተመለሱ። ሰውነቷ ሁሉ ሽፍ ብሏል። «አልኩዎት ዶክተር፣ ይሄም አልተስማማትም!» ብለው መድኃኒቱን ከቦርሳቸው አወጡ።

ሐኪሙ ልጅቷን ወደ መብራት አቀረባትና በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁም መረመራት። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት በደንብ ላይታይ ይችላል፤ መዳፍ ግን ይለየዋል። ደረቷና ሆዷ በመዳፍ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ሽፍታው ከአንገቷና ከብብቷ ጀምሮ ወደ ታች ወርዷል፤ በክርኗ እጥፋት ላይ ጠቆር ያለ ቅላት በመስመር ተሠርቷል። ጉንጮቿ ሲቀሉ የአፏ ዙሪያ ግን ገርጥቷል፤ ምላሷ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ይታያሉ። ቦታ እየቀያየረ የሚያብጥ፣ የሚያሳክክ ነገር የለም፤ ከንፈሯ አላበጠም፣ ትንፋሿ ደህና ነው፣ ውኃ የቋጠረም ሆነ የቆሰለ ቦታ የላትም። ትኩሳቷም ከትናንቱ ቀንሷል። ይህ ስካርሌት ፊቨር ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ የሚያመነጨው መርዝ ያወጣው ሽፍታ። መድኃኒቱ ቢቆም ኖሮ የበሽታው ምክንያት ሳይነካ ይቀር፣ ካርዷ ላይም ሁለተኛ የሐሰት አለርጂ ይጻፍ ነበር። ሐኪሙ ሴፋሌክሲኑ እንዲቀጥል አዘዘ፤ ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ቆዳ ውኃ ከቋጠረ ግን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ ለእናትየው ነገራቸው። ከሳምንት በኋላ የጣቶቿ ጫፍ መላጥ ጀመረ፤ ይህም የስካርሌት ፊቨር ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ሽፍታ ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ምርጫውም ይለወጥ ነበር። አሞክሳሲሊን በወሰደች በግማሽ ሰዓት ሰውነቷ አብጦ ያሳከካት ቢሆን ሴፋሌክሲንና ሴፋድሮክሲል አይሰጧትም ነበር፤ ሁለቱም ከአሞክሳሲሊን ጋር የሚመሳሰል የሞለኪውል ክፍል ስላላቸው ሰውነቷ ሊያምታታቸው ይችላል። ያኔ የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። ክሊንዳማይሲን ለአንድ ኪሎ 7 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለአሥር ቀን ይሰጣል፤ ለእሷ በየጊዜው 200 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው፤ ተቅማጥ ሊያስከትል ስለሚችል ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አዚትሮማይሲን ደግሞ ለአንድ ኪሎ 12 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ነው፤ ለእሷ 336 ሚሊግራም። ቆዳዋ ተልጦ ቢሆን ኖሮም ምርጫዋ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም ነበር። ኮትሪሞክሳዞልና ዶክሲሳይክሊን ግን አማራጭ አይደሉም። የመጀመሪያው ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አያጠፋም፤ ሁለተኛውን የለመዱት ስትሬፕቶኮከሶች ብዙ ናቸው።

አዚትሮማይሲን ለአምስት ቀን ብቻ ስለሚዋጥ ይወደዳል፤ ስትሬፕቶኮከስ ግን ሊለምደው ይችላል። ፊንላንድ ይህን በራሷ ላይ አይታለች። የአዚትሮማይሲን ቤተሰብ የሆነው ኤሪትሮማይሲን በብዛት ይታዘዝ በነበረበት ጊዜ እሱን የለመዱ ስትሬፕቶኮከሶች በዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተመረመሩት 16.5 ከመቶ ደርሰው ነበር። ሐኪሞች አጠቃቀሙን እንዲቀንሱ በአገር ደረጃ ምክር ከተሰጠ በኋላ በ1996 ወደ 8.6 ከመቶ ወረዱ። ፔኒሲሊንን የለመደ የዚህ ዝርያ ስትሬፕቶኮከስ ግን እስካሁን በሕሙማን ላይ አልተገኘም። ስለዚህ በሐሰት አለርጂ ምክንያት ፔኒሲሊን የተከለከለ ልጅ ባክቴሪያው ፈጽሞ የማይቋቋመውን መድኃኒት ያጣል፤ በምትኩ ሊከሽፍ የሚችለውን ያገኛል።

ልጅቷ ድና ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ በቀጠሮ ተመለሰች። አድሬናሊን በእጅ ባለበት ክፍል 50 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን ጠጣች፤ ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ ምንም ስላልታየባት ቀሪውን 450 ሚሊግራም ወሰደች፤ ከዚያም አንድ ሰዓት እዚያው ተቀመጠች። ዘግይቶ የሚመጣ ሽፍታ ካለ እንዲታይ ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተከታተሏት። ምንም አልወጣባትም። ቀዩ ጽሑፍ ተሰርዞ ከጎኑ የተሰረዘበት ቀንና ምክንያት ተጻፈ። ወደፊት ስትሬፕቶኮከስ ቢይዛት በቀን አንድ ጊዜ 1 ግራም አሞክሳሲሊን ለአሥር ቀን መዋጥ ወይም አንድ ጊዜ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት ትችላለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ የዘጋባት በካርዱ ላይ የጎደለው መረጃ ነው። ልጅዎ ወይም እርስዎ መድኃኒት ወስዳችሁ ሽፍታ ከወጣ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደታዘዘ፣ ሽፍታው ከስንት ሰዓት ወይም ከስንት ቀን በኋላ እንደወጣ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ውኃ መቋጠር እንደነበረና እንዳልነበረ፣ በምን እንደተሻለ ጽፋችሁ ያዙ፤ ፎቶም አንሱት። ባለሙያውም ካርዱ ላይ ይህንኑ ይጻፍ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም የሚወስነው በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ነው።