ድግስ ሲሰፋ ወጡም በልክ ይስፋ

ጥር የድግስ ወር ነው። የገና ጾም ተፈትቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም፣ እህሉም ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደብረ ወርቅም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም ዝክር በዚሁ ወር ይደራረባል። ቤተሰቧን በሁለት ዶሮ ስታስደስት የኖረች ባለሙያ ድንገት አምስትና ስምንት ዶሮ ያለበት ድስት ፊት ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ወጡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ቀጥኖ ይወጣል፣ ወይ ጨው ይበዛበታል፣ ወይ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ይገባበትና ጥሬ ጥሬ ይላል። ሴትዮዋ ሙያ አጥታ አይደለም። እጇ የለመደው የሁለት ዶሮ ልክ ነውና ልኩ ሲለወጥ በግምት መሄድ አይበቃም። ስለዚህ ደጋሾች ሆይ፣ ዶሮው ከመታረዱ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ።

መጀመሪያ የምታውቁትን ወጥ በቁጥር ጻፉት። ለምሳሌ አንዲት እናት ለሁለት ዶሮ የምትጠቀመው ይህ ነው እንበል፦ ቀይ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ በርበሬ 400 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 500 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 150 ግራም፣ ዝንጅብል 50 ግራም፣ ጨው 50 ግራም፣ መከለሻ 10 ግራም፣ ውሃ አንድ ሊትር ተኩል፣ እንቁላል 12። የእናንተ ቤት ልክ ከዚህ ቢለይ የራሳችሁን ጻፉ፤ ስሌቱ ለሁሉም አንድ ነው።

ቀጥሎ እንግዳውን ቁጠሩ። ዶሮ በወጉ ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል፤ ሁለት ዶሮ 24 ብልት ነው። የተጠራው ሰው 60 ቢሆንና ለእያንዳንዱ አንድ ብልት ቢታሰብ፣ 60ን ለ24 ስናካፍል ሁለት ተኩል እናገኛለን። ይህም ማለት የምንሠራው ወጥ የመጀመሪያው 250 በመቶ ነው፤ ዶሮውም አምስት ይሆናል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ነገር በሁለት ተኩል ማባዛት ነው። ሽንኩርቱ 10 ኪሎ፣ በርበሬው አንድ ኪሎ፣ ቅቤው አንድ ኪሎ ከሩብ፣ ነጭ ሽንኩርቱ 375 ግራም፣ ዝንጅብሉ 125 ግራም፣ መከለሻው 25 ግራም ይሆናል። ገበያ የሚወርደው ሰው ይህን ወረቀት ይዞ ይውረድ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉና ተጠንቀቁ። አንደኛው በመደመር ማሰብ ነው። «ሦስት ዶሮ ስለጨመርን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት እንጨምር» የምትል ሴት 7 ኪሎ ይዛ ትቀርባለች፤ ወጡ የሚፈልገው ግን 10 ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ የነበረው ሽንኩርት አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ ቁሌቱ ይሳሳል፣ ወጡም ውሃ ውሃ ይላል። ሁለተኛው ስሕተት «በ» እና «ወደ»ን ማደባለቅ ነው። ከሁለት ዶሮ ወደ አምስት ስንሄድ ወጡን ወደ 250 በመቶ አደረስነው፤ የጨመርነው ግን 150 በመቶ ነው። «250 በመቶ ጨምሩ» ተብላ የታዘዘች ልጅ ቃሉን ይዛ ብትሠራ ወጡን ሦስት እጥፍ ተኩል ታደርገዋለች፤ 14 ኪሎ ሽንኩርት ታስከትፋለች። ስለዚህ በቃል ስታዝዙ በመቶኛውን ተዉትና «ሁሉንም በሁለት ተኩል አባዙ» በሉ። ይህ አያሳስትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ስሌቱ የሚገዛውን ልክ በትክክል ይነግረናል፤ ድስት ውስጥ የሚሆነውን ግን ሁሉ አይነግረንም። ቁጥሩ እንዳለ የማይሠራባቸው ውሃ፣ ጨውና ጊዜ ናቸው፤ የሦስቱም ምክንያት እንፋሎት ነው።

ከሽንኩርት ክብደት ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው ውሃ ነው። አራት ኪሎ ስናቁላላ ሦስት ሊትር ተኩል የሚሆን ውሃ በውስጡ አለ፤ አሥር ኪሎ ሲሆን ወደ ዘጠኝ ሊትር ይጠጋል። ከዚህ ውሃ አብዛኛው በድስቱ አፍ በኩል መውጣት አለበት። ድስት ግን የሚይዘው ሁለት ተኩል እጥፍ ሲሆን፣ ቅርጹ ያው ከሆነ፣ አፉ የሚሰፋው 1.8 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። እሳቱ ከአፉ ጋር እኩል ቢጨመር እንኳ የማቁላላቱ ጊዜ ቢያንስ በሲሶ ይረዝማል። እሳቱ የቀድሞው ምድጃ እሳት ከሆነማ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ለሁለት ዶሮ አንድ ሰዓት ተኩል ያቁላላች ሴት ሰዓቱን አይታ በርበሬ ብትጨምር፣ በትልቁ ድስት ውስጥ ሽንኩርቱ ገና በራሱ ውሃ እየተቀቀለ ነው። በኋላ የሚመጣው ጥሬ ሽታና ጣፋጭነት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ተዉና ምልክቱን ተከተሉ። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ በማማሰያው ሲገፋ የድስቱ ወለል ደርቆ እስኪታይ፣ መልኩም ቡናማ እስኪሆን ድረስ ቅቤ አይግባ። ቅቤና በርበሬ ከገቡ በኋላም ቁሌቱ ቅባቱን ወደ ላይ እስኪተፋ ድረስ ዶሮው አይጨመር። ከሁሉ የሚሻለው ግን አሥሩን ኪሎ በሁለት ድስት ከፍሎ አምስት አምስት ኪሎ ማቁላላት ነው። ሁለት አፍ እንፋሎቱን ቶሎ ያወጣል፤ የሚያማስሉት ሁለት ሴቶችም ክንዳቸው አይዝልም፤ ሥሩ የመያዙ ነገርም ይቀንሳል። በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ መገልበጥ ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ውሃ አለ። በስሌቱ አንድ ሊትር ተኩል ወደ ሦስት ሊትር ከሦስት ሩብ ያድጋል። ትልቁ ድስት ከያዘው አንጻር የሚያተነው ጥቂት ስለሆነ ይህን ሁሉ አንዴ ብታፈሱበት ወጡ ይቀጥናል። በሁለት ሊትር ተኩል ጀምሩ፤ የቀረው ፈልቶ በአጠገባችሁ ይቀመጥና እየታየ ይጨመር። የቀጠነ ወጥ ለማወፈር ዶሮው እሳት ላይ ሲቆይ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቅቃል፤ የወፈረውን ማቅጠን ግን የአንድ ጭልፋ ሥራ ነው።

ጨውም እንደዚሁ ነው። ስሌቱ 125 ግራም ይላል። ወጡ በመጨረሻ ምን ያህል እንደሚወፍር ሳይታወቅ ሁሉን ማስገባት አይገባም። መቶ ግራሙን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ የቀረውን ዶሮው ከበሰለ በኋላ ቀምሳችሁ ጨምሩ። በድግስ ቤት ደግሞ የባሰ አደጋ አለ። ጎረቤት ለእገዛ ይመጣል፤ ይህ የአገራችን ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን አንዷ ቀምሳ ቆንጥራ ትጨምራለች፣ ሌላዋ ሳታውቅ ትደግማለች፣ ሦስተኛዋም «አልጫ ሆነ» ትላለች። የጨዉ ዕቃ በአንዲት ሴት እጅ ብቻ ይሁን። የተመዘነው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ያ ካለቀ ከባለቤቲቱ ፈቃድ ውጭ አይጨመር። ይህን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ማንንም አያስቀይምም።

እንቁላል ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በስሌቱ 12 ሲባዛ 30 ይሆናል፤ እንግዳው ግን 60 ነው። በቤታችሁ አንዱ እንቁላል ለሁለት ይከፈል ከነበረ 30 ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሙሉ እንቁላል ልታቀርቡ ካሰባችሁ 60 ግዙ። በሰው ቁጥር የሚታደል ነገር ድስቱን አይከተልም፤ ሰውን ይከተላል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው መለኪያው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። የቤታችሁ ኩባያና የጎረቤት ኩባያ አንድ አይደሉም፤ ሞልቶ የተጠቀጠቀ በርበሬና ነፋ ብሎ የተሰፈረ በርበሬም በክብደት ይለያያሉ። መለኪያው ከተለዋወጠ ማባዛቱ ትክክል ቢሆንም ልኩ ይፋለሳል። ሚዛን ካለ በሚዛን ስፈሩ። ከሌለ የመጀመሪያውን ወጥ የሰፈራችሁበትን ያንኑ ኩባያ ለትልቁም ተጠቀሙ፤ ሌላ ዕቃ አታደባልቁ። ዶሮውንም ቢሆን በቁጥር ብቻ አትመኑ። አምስት የሐበሻ ዶሮና አምስት የእርባታ ዶሮ በሥጋ እኩል አይደሉም። ታጥቦ የተበለተው ሥጋ ከተመዘነና ሁለቱ 2 ኪሎ፣ አምስቱ ደግሞ 6 ኪሎ ከሆኑ፣ ማባዣው ሁለት ተኩል መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል፤ ሽንኩርቱም 12 ኪሎ ይደርሳል።

ወጥን መቀነስም ያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአምስት ዶሮውን ልክ የጻፈች ሴት ለቤቷ ሁለት ዶሮ ልትሠራ ብትፈልግ፣ ሁለትን ለአምስት አካፍላ 40 በመቶውን ትወስዳለች። «ስናሳድገው 150 በመቶ ስለጨመርን አሁን 150 በመቶ እንቀንስ» ማለት አይቻልም፤ ከመቶ በላይ የሚቀነስ ነገር የለም። እንዲሁም 4 ኪሎ ሽንኩርት በ50 በመቶ ቢቀነስ 2 ኪሎ ይሆናል፤ ያንኑ መልሰን በ50 በመቶ ብንጨምርበት 3 ኪሎ ብቻ እናገኛለን፤ 4 አይመለስም። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ተነሡ፤ ከተቀነሰው ላይ አታስሉ። በትንሽ ድስት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ እንፋሎቱ ፈጥኖ ይወጣል፣ በርበሬውም ቶሎ ያርርና ይመርራል። ስለዚህ እሳቱ ይቀነስ፤ የፈላ ውሃም ከስሌቱ ትንሽ በርከት ተደርጎ በእጅ ይያዝ።

ድግሱ ካለፈ በኋላ ወረቀቱን አትጣሉት። ከታሰበው ውሃ ስንት እንደገባ፣ ከጨዉ ስንት እንደተረፈ፣ ቁሌቱ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ብልቱ ለስንት ሰው እንደደረሰ በዚያው ላይ ጻፉበት። የሚቀጥለው ደጋሽ ጎረቤታችሁ ሲሆን ያንን ወረቀት አውሱት፤ ከሚዋሰው ድስት ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው። ሴቶች ልጆቻችሁንና ወንዶች ልጆቻችሁንም አብራችሁ አስቀምጡና ማባዛቱን እነርሱ ይሥሩት። በትምህርት ቤት የተማሩትን በመቶኛ በሽንኩርትና በጨው ላይ ሲሠሩት ይገባቸዋል፤ እናንተም የእጃችሁን ሙያ በቁጥር ታወርሷቸዋላችሁ።