የዳባት መዝገብ የማን ነው?

ለመሆኑ መንግሥት ቤት ያለ መዝገብ የማን ነው? የጻፈው ቢሮ ነው ወይስ የተጻፈበት ሰው? አንድ ወረዳ ላይ የሚሠራ ወዳጄ ይህን ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ወረቀቱ የመንግሥት፣ ብዕሩ የመንግሥት፣ ጸሐፊውም ደመወዙን የሚበላው ከመንግሥት። ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው። ለዚህ ክርክር እንደ ዳባት የሚመች ቦታ ግን አላውቅም።

ዳባት ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት በደምቢያ ተነሥቶ ብዙ ሰው የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ሥራው ከጅምሩ ሐኪሙን ወደ ገበሬው ደጅ መላክ ነው። በዚሁ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1996 ዳባት ላይ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ተከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተመረጡት ቀበሌዎች ነዋሪ በሙሉ ይቆጠራል፤ ለእያንዳንዱ ቤትና ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ መረጃ ሰብሳቢዎቹ በየጊዜው እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ይመዘግባሉ። ልደትና ሞት በወረቀት በማይሰፍርበት አገር፣ ስንት እናት በወሊድ እንደሞተች ማወቂያው መንገድ ይህ ነው።

ሞት ሲኖር ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። በገጠር የሚሞተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳያየው ስለሚሞት፣ ሐዘኑ ጋብ ሲል መረጃ ሰብሳቢው ቤት ድረስ ሄዶ ያስታመመውን ዘመድ ይጠይቃል። ትኩሳት ነበራት ወይ? ስንት ወር ተኛች? ሰውነቷ መነመነ ወይ? የወደቀ ነፍስ ነበር ወይ? ሰው ያደረሰባት ጉዳት ይኖር ይሆን? ሐኪሞች መልሱን አንብበው የሞቷን ምክንያት ይገምታሉ። እንግዲህ አስቡት። እናት ስለ ሞተች ልጇ ለጎረቤት ያልነገረችውን፣ ምናልባት ለንስሐ አባቷም ያልተነፈሰችውን፣ ክላሰር ለያዘ ወጣት ትነግረዋለች። ለምን ነገረችው? "እናቴ፣ የነገሩኝ ለጥናት ብቻ ነው፤ ስምዎ አይወጣም" ስላላት ነው። እሷም "እሺ ልጄ" አለች። የመዝገቡ መሠረት ይህች "እሺ" ናት። ወረቀቱን መንግሥት ገዝቶት ይሆናል፤ "እሺ"ዋን ግን አልገዛትም፤ በቃል ተዋሳት እንጂ።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። ክፉ ሰው አይደለም። ክርክሩን ያጠናከረልኝ ደግነቱ ነው። "እንበል" አለኝ፣ "ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ቤተሰቦች እህል መጣ። ጊዜ የለኝም። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ በዚህ በሽታ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ ተጽፏል። ዝርዝሩን ቢሰጡኝ በሁለት ቀን አድርሼው እመለሳለሁ። ምስጢር ብለው ሕዝብ ያስርባሉ?"

ከባድ ጥያቄ ነው። ግን ዝርዝሩ ቢወጣ ምን እንደሚሆን እንከተለው። ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲው ለወረዳው ይደርሳል፤ ወረዳው ለቀበሌው ይልካል፤ ቀበሌው እህሉ የሚታደልበት መጋዘን ደጅ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። በዚያች ቅጽበት የተጠራው ሰው ሁሉ ምን እንዳለበት አገር አወቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሚቀጥለው ዙር መረጃ ሰብሳቢው ሲመጣ እናትየው በሩን ባትዘጋ እንኳ "ድንገተኛ ሕመም ነው፣ እግዜር ወሰዳት" ትለዋለች። ያን ጊዜ መዝገቡ ለእህልም ለጥናትም አይሆንም። ያው እህል ግን በሌላ መንገድ ሊደርስ ይችል ነበር። ሕሙማኑን የሚያውቀው ጤና ጣቢያ ስለ እርዳታው ይነግራቸዋል፤ የፈለገ ራሱ መጥቶ ይመዘገባል። አንድ ሳምንት ይዘገይ ይሆናል። ልዩነቱ ምስጢሩን የሚገልጠው ባለቤቱ መሆኑ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት አስቀምጦ፣ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ራሱን የቻለ ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ብሔራዊ ደኅንነት፣ ወንጀል መከላከልና የሕዝብ ጤና ላሉ ዓላማዎች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይገዛል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ለሌላ አይውልም፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም፤ የጤና መረጃም ልዩ ጥበቃ ይደረግለታል። ስለዚህ ዝርዝር የሚጠየቅ መዝገብ ያዥ መልሶ መጠየቅ ያለበት፣ ይህን እንድሰጥ የሚያዘኝ የትኛው ሕግ ነው? ለየትኛው ዓላማ? ከዚህ ያነሰ ቢሰጣችሁ አይበቃም ወይ? የሚለውን ነው። በአንድ ተጠርጣሪ ላይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የመጣ መርማሪና "የቀበሌውን ሰው ዝርዝር ላኩ" የሚል የስልክ ጥሪ አንድ አይደሉም። ኩፍኝ ቢነሣም የጤና ቢሮው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቀበሌው ስምና የታማሚው ቁጥር ነው፤ የሰው ስም የሚፈለገው ለሚያክመው ብቻ ነው።

ወዳጄ እዚህ ላይ ለዘብ አለ። "እሺ፣ ስሙን አጥፍተው ይስጡኝ" አለ። ብዙ ጨዋ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እስቲ አብረን እናስላ። አራት ሺህ ሰው ያለበት አንድ ቀበሌ እንውሰድ። በዓመት ከሺህ ሰው ሰባት ይሞታል እንበል፤ ሃያ ስምንት ሰው መሆኑ ነው። በወር ሲካፈል ሁለት ወይም ሦስት። ግማሹ ሴት ቢሆን አንድ ወይም ሁለት። አሁን ስም የሌለው መስመር መዝገቡ ላይ "ሴት፣ 34 ዓመት፣ በዚህ ቀበሌ፣ በኅዳር ወር የሞተች" ቢል፣ በዚያ ወር ቀብር የወጣ ሰው ሁሉ ስሟን ይነግርሃል። እድሩም ያውቃታል። ስሙ ጠፋ እንጂ ሰውየዋ አልጠፋችም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መስመሩን ማደብዘዝ ነው። ወሩን ትቶ ዓመቱን፣ 34ን ትቶ "ከ30 እስከ 44"ን፣ ቀበሌውን ትቶ አሥሩን ቀበሌ አንድ ላይ መስጠት። በአሥር ቀበሌ አርባ ሺህ ሰው አለ፤ በዓመት የሚሞተው 280፣ ከእነሱ ሴቶቹ 140 ግድም፣ በዚያ ዕድሜ ያሉት ደግሞ አሥር ያህል ይሆናሉ እንበል። አሁን ያቺ ሴት ከአሥር ሰው መሐል ተደበቀች። መደበቂያው ግን እንከን አለበት። የአሥሩም የሞት ምክንያት አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ መደበቁ ዋጋ የለውም፤ የትኛዋ እንደሆነች ባናውቅም የሁሉም በሽታ ታወቀ። እንደዚያ ሲሆን ቡድኑን ማስፋት ወይም ምክንያቱን ማስቀረት ይገባል። ዋጋም ያስከፍላል። ወሩ ከጠፋ ወባ በየትኛው ወር እንደሚበረታ የሚያጠናው ተመራማሪ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ደብዛዛው ለብዙው ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ግን ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ለታየና የገባውን ውል ለፈረመ፣ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ይታያል።

የንስሐ አባት ምስጢር ከሰውየው ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። የመሥሪያ ቤት ምስጢር እንደዚያ አይደለም። ጸሐፊው ይዛወራል፣ ኃላፊው ይሻራል፣ ወረቀቱ ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚመጣውን ይጠብቃል። ቃሉ የወንበሩ እንጂ የሰውየው መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ስሞቹ በአንድ ፋይል፣ መልሶቹ በሌላ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር በጥቂት ሰው እጅ፤ ማን መቼ እንደከፈተው የሚመዘገብበት ደብተርም አብሮ። "እኛ ታማኞች ነን" ማለት አይበቃም።

ሕግ ራሱም ሊለወጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ቆጠራ ምስጢርነት በሕግ የታጠረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣ የጦርነት ጊዜ ሕግ አጥሩን አነሣው። ቆጠራ ቢሮው የጃፓን ተወላጆች በየትኛው ሠፈር እንደሚበዙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለጦሩ ሰጠ፤ በ1943 ደግሞ ዋሽንግተን ይኖሩ የነበሩትን በስም አሳልፎ እንደሰጠ ተመራማሪዎች በ2007 ከሰነድ አወጡት። የተነገረው ቃል እውነት ነበር፤ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ። ዳባትም ከጦርነት የራቀች አይደለችም፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰው አልቆባታል። ቢሮ እጅ ሊለውጥ እንደሚችል ለሰሜን ጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ከጥበቃ ሁሉ የሚበልጠው ያልተጻፈው ነው። የፋይዳ መታወቂያ ብሔርን አለመመዝገቡን እንደ ትልቅ ነገር የማየው ለዚህ ነው። ያልተጠየቀ መልስ ማንም ሊዘርፈው አይችልም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ቢሮዎቻችን ምስጢር የሚለውን ቃል ገልብጠው መያዝ ይወዳሉ። ሴትየዋ ራሷ መጥታ "ስለኔ ምን ጻፋችሁ?" ብትል "ምስጢር ነው" ትባላለች፤ የሷ በሽታ ግን ሻይ ቤት ይወራል። የበጀቱን አወጣጥ ብትጠይቅም "ምስጢር ነው" ነው መልሱ። ሕጉ የሚለው የተገላቢጦሹን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነጻነት አዋጅ 590 የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ለሕዝብ ይከፍታል፤ የሰዎችን የግል ጉዳይ ግን ይከልላል። አዋጅ 1321ም ባለቤቷ የራሷን መዝገብ አይታ ስሕተቱን እንድታስቀና መብት ይሰጣታል። ወዳጄ "ወረቀቱ የመንግሥት ነው" ሲለኝ አሁን የምመልስለት አለኝ። ወረቀቱን ውሰደው። የተጻፈው ግን የሷ ነው፤ አንተ ባለ አደራ ነህ፤ ባለ አደራ ደግሞ የሚጠየቀው በሰጠው ልክ ሳይሆን በጠበቀው ልክ ነው።