ከክፍሉ ልጆች ያጠረው ልጅ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ልጅ ማሳደግ ለጀመራችሁ ወጣት እናቶችና አባቶች ነው። የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ስሠራ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከሁሉ የምመርጥላችሁ ግን ከመካነ ሰላም አንዲት እናት የላከችልኝን ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ።

«ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። ጠዋት ለባንዲራ ሲሰለፉ ሁልጊዜ ከፊት የሚያቆሙት እሱን ነው። ከኋላው ያሉት ልጆች ትከሻ ላይ ቢደርስ ነው። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ብዙም አይታመምም፤ ግን አያድግም። ጎረቤቴ የሚያስረዝም መርፌ አለ ትለኛለች። መድኃኒት የሚሸጠው ልጅ ደግሞ የሚያወፍር ኪኒን ሰጠኝ፤ ፈርቼ እስካሁን አልጀመርኩለትም። ታናሽ እህቱ ስምንት ወሯ ነው፤ እሷ እንኳ ደህና ናት፣ አጥሚቷን በደንብ ትጠጣለች። ስለ ልጁ ምን ይሉኛል?»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሌለውን ነገር አስተውሉ። የልጁ ቁመት አልተጻፈም። ዓምና ስንት እንደነበረም የለም። መለኪያዋ የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ የእነሱን ዕድሜ ግን አታውቅም።

በደንቡ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ ወይም በለጋምቦ ገጠር ግን ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በዘጠኝና በዐሥር ዓመቱ የሚገባ ልጅ ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በግጭቱ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ያቋረጡት ልጆች ዕድሜያቸውን ይዘው ወደ ቀድሞ ክፍላቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ አንድ ወንበር ላይ የዘጠኝና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 132.6 ሴንቲሜትር ነው፤ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ 149 ይደርሳል። ልዩነቱ ከ16 ሴንቲሜትር በላይ ነው፤ ሁለቱም ግን ጤነኞች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኋት የክትባት ካርዱን ነው። ካርዱ ጥር 2007 ይላል። ካርድ የሌላችሁ ክርስትና የተነሣበትን ቀን አስታውሱ፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ስለሚነሣ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። «በረመዳን ነው የተወለደው» የምትሉ ደግሞ ዓመቱን አብራችሁ ያዙ፤ ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ዓመቱ ከተምታታ ወሩም ይምታታል። አንድ ዓመት ሲሳሳት ጤነኛው ልጅ ድንክ መስሎ ይታያል፤ ወይም ሐኪም ማየት ያለበት ልጅ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

ቀጥሎ እንዴት እንደምትለካው ጻፍኩላት። ጫማውን አውልቆ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ይቁም። የቤቱ ወለል አፈር ከሆነ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ሳንቃ ይደረግ። ተረከዙ፣ መቀመጫው፣ ትከሻውና የራሱ ኋላ ግድግዳውን ይንኩ፤ ዓይኑ ቀጥታ ወደፊት ይይ፤ አገጩን ወደ ላይ አያንሣ። ወፍራም መጽሐፍ አናቱ ላይ አጋድማችሁ ከግድግዳው ጋር በማዕዘን ስትይዙት ከሥሩ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ በአናጢ ሜትር ይለካል። የልብስ ሰፊ ሜትር ሲያረጅ ስለሚለጠጥ አይታመንም። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ካልተቀራረበ እንደገና ጀምሩ። ሁልጊዜም ጠዋት ይሁን፤ ሰው ውሎ ሲገባ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያጥራልና። ጠዋት የለካችሁትን ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ማታ ብትለኩት የሁለት ወር ዕድገቱን በላችሁበት ማለት ነው።

ልጁ በጥር 2016 ልክ ዘጠኝ ሲሞላው 121.5 ሴንቲሜትር ሆነ። በሠንጠረዡ ለዚያ ዕድሜ የታችኛው ድንበር 120.5 ነው። ከመቶ ልጆች ሁለት ያህሉ ብቻ ከዚያ በታች ይውላሉ፤ ከዚያ በታች የዋለ ልጅ ይመረመራል። የእሷ ልጅ ድንበሩ ላይ ነው፤ አላለፈውም። እናትዬዋ በእርግጥ አጭር ልጅ አላት፤ ዓይኗ አልዋሸም። ያልታወቀው ማጠሩ የበሽታ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ይህን ደግሞ አንድ ልኬት ብቻውን አይመልስም።

የወላጆቹን ቁመት ጠየቅኋት፤ አባቱ 163፣ እሷ 152። ለወንድ ልጅ የሁለቱን ደምሩ፣ 13 ጨምሩበት፣ ለሁለት አካፍሉ፤ 164 ይመጣል። ከዚህ ስምንት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ለሴት ልጅ 13ን መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት ልጁ የቤተሰቡ ልጅ ነው፤ ብዙ ሐኪም እዚህ ላይ «በዘር ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን በወሎ ይህን ስሌት በጥርጣሬ ነው የማየው። አባትየው በ1976 ዓ.ም. ራያ በኩል የተወለደ ነው። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር ማለት ነው። የእሱ 163 ዘሩ የሚችለውን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ያኔ የተቀረጠፈው ቁመት አብሮበት ቆይቶ ይሆናል። ስለዚህ በረኀብ ዘመን ያደጉ አባትና እናት የልጃቸውን ማጠር በራሳቸው ቁመት ብቻ አያስረዱ። ልጁ ከእነሱ ሊበልጥ ይገባዋል።

የሚፈርደው ፍጥነቱ ነው። ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ በሁለተኛው የዚያን ግማሽ፤ ከአራት ዓመት በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት ከአምስት እስከ ስድስት። በዓመት ከአራት በታች ካደገ አንድ ነገር ይዞታል። ይህን ለማወቅ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በየወሩ የሚለካ ወላጅ የሚያነበው የእጁን ስሕተት ነው። እሷ ጠበቀች። በጥር 2017 ልጁ 126.5 ሆነ፤ በዓመት አምስት ሴንቲሜትር። አጭር ነው፤ ግን መንገዱን ሳይለቅ እያደገ ነው። የዕድገት ሆርሞን ያነሰው ልጅ እንዲህ አያድግም። መርፌው ለእሱ አይደለም፤ ውድ መሆኑንም ብንተወው።

በዚህ ላይ አባትየውን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አልኳት፤ ቁመቱ የተመዘዘው ስንት ዓመቱ ላይ ነው? «ጓደኞቼ ጢም ሲያወጡ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ዐሥራ ሰባት ካለፈኝ በኋላ ነው ያደግሁት» ብሏል። እንዲህ ባለ ቤተሰብ ልጁም ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ነው፤ የጎረቤቱ ማሳ ሲያሸት የእሱ ገና አረንጓዴ ይሆናል። እንዲህ ያለ መዘግየት የሚጠረጠርበት ልጅ ግራ እጁን ራጅ ይነሣል፤ አጥንቱ ከዕድሜው ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ገና የሚያድግበት ጊዜ አለው ማለት ነው። ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቶት የጉርምስና ምልክት ካላሳየ ግን ሐኪም ይየው።

ስለ ኪኒኑ አጭር ልሁን። የሚያወፍሩ ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት መካከል ዴክሳሜታዞን ያለባቸው አሉ። ልጁ ይበላል፣ ፊቱ ይሞላል፣ እናት ደስ ይላታል፤ ቁመቱ ግን የሚቆመው በዚሁ መድኃኒት ነው። ልጅ እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ ደግሞ ያለ መድኃኒትም ቢሆን የሆርሞን ችግር ይጠረጠራል። የጀመራችሁለት ካላችሁ በአንድ ቀን አታቋርጡ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል አደጋ ላይ ይወድቃልና ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቁመው።

ዓመት ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም የምትሄዱበትም አለ። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ፣ የዓይን መድከም፤ ውኃ ጥም የማያቋርጥና ሌሊት ሽንት የሚያስነሣ፤ ተቅማጥ የሚመላለስበት፣ የገረጣ። ብርድ የማይችል፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ እንቅልፋምና ትምህርት የከበደው ልጅ ደግሞ የእንቅርት ዕጢው ሥራ በደም ይታይለት። ደጋው አዮዲን የሚያጥርበት አገር ነው፤ አዮዲን ያለበትን ጨው ወጥ ሊወጣ ሲል እንጂ ከመጀመሪያው አትጨምሩት። እነዚህን ምርመራዎች በመካነ ሰላም ያላገኘ ደሴ ድረስ ይሄዳል።

አሁን ደብዳቤዋን መልሳችሁ አንብቡት። እኔን ያሳሰበኝ ልጁ አልነበረም። «እሷ እንኳ ደህና ናት» የተባለችው የስምንት ወሯ ሕፃን ናት። በሰልፍ የሚያወዳድራት የለም፤ ጉንጯም ሞልቷል፤ ነገር ግን ወንድሟ ያጠረው በዚያ ዕድሜ ይመስለኛል። በእኛ አገር ቁመት በአብዛኛው የሚቀረው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን መመለስ ይከብዳል። በአውሮፓውያን 2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ሕፃናት 41 ያህሉ ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። እንዲህ በበዛበት አገር አጭሩ ልጅ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ሁሉም እሱን ይመስላላ።

አጥሚት ሕፃንን አያሳድግም። የስምንት ወር ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሁለት ስኒ ሻይ ቢሆን ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከሞላ የተሞላው በውኃ ነው። ገንፎው ማንኪያ ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ይሁን። የገብሱ ዱቄት ላይ የባቄላ ወይም የአተር ዱቄት ይጨመር፤ ሲወርድ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት፤ እንቁላል ተቀቅሎ ይፈጭበት። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመት አይቋረጥ። እንቁላሉ ለደብተርና ለጨው መግዣ ገበያ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ከሳምንቱ ሦስቱ ለሕፃኗ ቢቀር እንኳ ትልቅ ነገር ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ብዙ እናት ሕፃኗን ለማስጾም አስባ ሳይሆን ድስቱ በቅቤ እንዳይነካ ፈርታ ነው የምትከለክለው። ለሕፃኗ የራሷ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይኑራት፤ ነገሩ ያበቃል።

ጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ የክንድ መለኪያውን አጥልቃ አረንጓዴ ሲያሳይ «ደህና ናት» ትላለች። ያ መለኪያ የሚያየው መክሳትን ነው፤ ማጠርን አያይም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሕፃኗ በማስተኛ መለኪያ ላይ ተንጋላ ርዝመቷ እንዲለካ ጠይቁ፤ በአንድ ዓመቷ መካከለኛው 74 ሴንቲሜትር ነው፣ የታችኛው ድንበር 69 ገደማ። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በክትባት ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ በዓመት ተኩሏና በሁለት ዓመቷም እንዲሁ።