ጥፋት የሌለበት ድርሻ

ገዳሪፍ ውስጥ ሰው «ሰነፍ» ተብሎ የሚሰደበው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ስድቡ የሚበረታው ሰሊጥ ሲደርስ ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ደርቆ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጊዜው ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ በሂላ ቆሞ መድረቅ አለበት። ለአጨዳው ያለው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ነው። በዚያ ሰሞን በጠራራ ፀሐይ አልጋ ላይ የተገኘ ጉልበታም ወጣት ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም።

ባለፈው የአጨዳ ወቅት ሁለት የአጎቴ ልጆች የተጣሉት በዚህ ነው። ታላቁ ገዳሪፍ ከከተመ ቆይቷል፤ ከመተማ የሚሻገሩ ሠራተኞችን አሰባስቦ ወደ ዶካ አካባቢ እርሻዎች ይዞ ይወጣል። ታናሹ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ከብዙ ሐበሻ ጋር ሸሽቶ ወንድሙ ዘንድ ገባ። ለወራት ደህና ሰነበተ። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሠራተኛ በጫነ ሎሪ ላይ ሳለ ልቡ መደለቅ፣ ትንፋሹ መቆራረጥ፣ ጣቶቹ መደንዘዝ ጀመሩ። ልሞት ነው ብሎ የሹፌሩን ክፍል ጣሪያ ደበደበና ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሎሪ መውጣት አቃተው።

የወባ ምርመራ ተደረገለት፤ የለበትም። ደም ማነስም አልተገኘበትም። አንድ መድኃኒት ሻጭ «ነርቭ ነው» ብሎ ቫሊየም ሰጠው፤ እንቅልፍ ያዘውና ቤተሰቡ ይበልጥ ተናደደ። ታላቁ ወንድም ፍርዱን ሰጠ፦ ሰነፍ ነው። ጭልጋ ያሉት እናታቸው ደግሞ በስልክ ሌላ ፍርድ ሰጡ፦ ልጄ እምነቱ ሳስቷል።

ሁለቱ ክሶች እንደ አንድ ቢነገሩም አንድ አይደሉም፤ ስንፍና ፈቃድን ይከሳል፣ የእምነት ማነስ ደግሞ መታመንን። ሁለተኛውን ቶሎ ልለፈው፤ የሚከብደኝ የመጀመሪያው ነውና። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ግን ቅዳሴውን በር አጠገብ፣ ቅጽሩን ተደግፎ ነው የሚያስቀድሰው። ይህን ያየ ሰው ልቡ ቀዝቅዟል አለ። እሱ ግን በር አጠገብ የሚቆመው ሕዝቡ መሀል ከታፈንኩ ያ ነገር ይነሳብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። እየፈራ ሦስት ሰዓት የሚቆምን ሰው በእምነት ማነስ መክሰስ ይከብዳል። እናቱን ያረጋጋቸው ግን የእኔ ክርክር አልነበረም፤ ኤልያስ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ኤልያስ ከድሉ ማግስት ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ ደግሞም አስተኛው። በሱዳኖቹ እምነት፣ በእስልምናም ዘንድ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት አቡ ዘይድ አል ባልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ፣ ሥጋ እንደሚታመም ነፍስም ትታመማለች ብሎ ፍርሃትን ለብቻው መርምሮታል። ከሱዳን የአእምሮ ሐኪሞች ቀዳሚ የነበሩት ቲጃኒ አል ማሂም የሃይማኖት ፈዋሾችን ከማባረር አብረዋቸው መሥራትን መርጠዋል። የእናቱን ጸበል የምቃወምበት ምክንያት አላገኘሁም፤ ጸበሉ ሕክምናውን ካላስጣለው ይጠጣ።

ለታላቁ ወንድም ያዘጋጀሁት መልስ ግን ሁላችንም የምናውቀው ነበር፦ ሕመም ነው። ካላዛር ገዳሪፍና መተማ በደንብ የሚያውቁት በሽታ ነውና እሱን አነሳሁ። «ካላዛር የያዘውን ሠራተኛ ሰነፍ ትለዋለህ?»

«አልለውም» አለ። «ግን ካላዛር የያዘውን ሰው ሐኪሙ መርፌ ይወጋዋል እንጂ ተነስተህ ሎሪ ላይ ውጣ አይለውም። ይህን ልጅ ኋላ ያገኘው ሐኪም ምን አለው? መድኃኒትህ ወደምትፈራው መሄድ ነው። እኔስ ሌላ ምን አልኩት? እኔ ስለው ስድብ፣ ሐኪሙ ሲለው ሕክምና የሚሆነው እንዴት ነው?»

ይህን መልስ አልጠበቅሁም፤ ደግሞም እውነት አለበት። ይህ ሐኪም ቫሊየሙን ቀስ በቀስ አስቀንሶታል፤ ለጥቂት ቀን ቢያረጋጋም ሲዘወተር ሱስ ይሆናል፣ በድንገት ሲቆም ደግሞ ፍርሃቱ ብሶ ይመለሳል። የፍርሃቱን አካሄድም እንዲህ ብሎ አስረዳው። ፍርሃቱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና በራሱ መውረድ ይጀምራል። አንተ ግን ሳይወርድ ወረድክ። እፎይ ስትል ሰውነትህ «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ተማረ። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ሎሪው ላይ ሳይሆን የሎሪው ድምፅ ሲሰማ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ደግሞ ከዋዜማው ምሽት። እያንዳንዱ ሽሽት ያሳርፋል፣ ያንኑ ያህል ፍርሃቱን ይመግባል።

እንግዲህ ይህ ከካላዛር ይለያል። የካላዛር በሽተኛ የሚያደርገው ነገር ጥገኛ ተውሳኩን አያደልበውም። እዚህ ግን በሽታው በከፊል የሚኖረው በሽተኛው በሚያደርገው ነገር ነው፤ ፈውሱም በከፊል ከእሱ እጅ ነው። ሕመም ነው ማለት እውነት ቢሆንም፣ «ስለዚህ እሱን አይመለከተውም» ወደሚል ካለፍን ታላቁ ወንድም ያሸንፈናል። የምፈልገው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ጥፋት የሌለበት ድርሻ ሊኖር ይችላል። ልጁ ያልመረጠው ነገር ደረሰበት፤ ያን ነገር ለማስወገድ ግን የእሱ እርምጃ ያስፈልጋል። ይህ ከሆነ ወንድሙና ሐኪሙ በምን ይለያያሉ?

በመጠን ይለያያሉ። የሐኪሙ ትእዛዝ፦ የቆመ፣ ሞተሩ የጠፋ ሎሪ ላይ ተቀመጥ። ፍርሃትህን ከ0 እስከ 10 ስጠው። 7 ካልክ፣ ወደ 3 ሳይወርድ አትውረድ። በየቀኑ ይህንኑ ድገመው። ሲለመድ ሞተሩ ይነሳ፤ ቀጥሎ እስከ ከተማው ዳር፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው እርሻ። የወንድሙ ትእዛዝ ደግሞ፦ ሃያ ሰው እያየህ፣ እየተሳቀብህ፣ ዛሬውኑ ዶካ ድረስ። ልጁ አንዴ ሞክሮት ነበር፤ ፍርሃቱ 10 ላይ ሲደርስ ወረደ፣ ማለትም ፍርሃቱ ሌላ ትምህርት አገኘ።

«ስለዚህ የተሳሳትኩት መጠኑን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም» አለኝ። እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ፤ ትክክል ይመስላልና። ግን መጠኑን ማን ነው የሚያውቀው? ፍርሃት በደም ምርመራ አይታይም። 7 መሆኑን ወይም ወደ 3 መውረዱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ አለ፣ ልጁ ራሱ። ሕክምናው በሙሉ የተመሠረተው በቃሉ ላይ ነው። ሰነፍ ነህ ማለት ደግሞ ሥራ አትወድም ማለት ብቻ አይደለም፤ ስለ ራስህ የምትናገረውን አላምንም ማለት ነው። ስለዚህ ስድቡ የሚጎዳው ስለሚያሳዝን ብቻ አይመስለኝም። ሕክምናው ያለውን ብቸኛ መለኪያ ይሰብራል። በዚህ በኩል ሐኪሙና ወንድሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩም አንድ ነገር አላሉም፤ አንዱ አምኖ ነው «ውጣ» ያለው፣ ሌላው ሳያምን።

ታላቁ አሁንም አልረካም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። ሰነፍ ሰውም 9 ነው ሊል ይችላላ! ለመለየት የሚረዳ ምልክት አለ። ሰነፍ የሚሸሸው ድካምን ነው፤ የሚወደውን አይሸሽም፣ ሲተኛም ያርፋል። ይህ ልጅ የጓደኛውን ሠርግ ቀርቷል። ነፍሱን የሚሰጥለትን የእንግሊዝ ኳስ ከሰው ጋር ማየት ትቷል። ሌሊት አይተኛም። ይህ ስንፍና አይመስልም። ነገር ግን ምልክቱ የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ነው። ስድስት ወር ቤት የዋለ ሰው ቤት መዋልን ይለምዳል፤ ፍርሃቱና ልማዱ ይቀላቀላሉ። እሱ ራሱ «አንዳንድ ቀን ፍርሃት ይሁን ስንፍና እኔም አላውቀው» ብሎኛል። የእሱን ቃል ብቸኛ መለኪያ ነው ካልኩ በኋላ ይህን መስማት ምቾት አልሰጠኝም። ማመን አለብን የምለው እንግዲህ አይሳሳትም ብዬ አይደለም፤ ከሱ የተሻለ ምስክር ስለሌለን ነው።

ደግነትም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የወንድሙ ሚስት ታዝንለታለች፤ ገበያ ትሄድለታለች፣ ሰው ሲመጣ ተኝቷል ትላለች። እወዳታለሁ፣ ግን ሎሪው ላይ ከሚስቁት ሰዎች ባልተናነሰ ፍርሃቱን ትመግባለች። እናትየዋም «ይረፍ በቃ» ማለት ጀምረዋል። የኤልያስ መልአክ ካስተኛው በኋላ ቀስቅሶ ረጅም መንገድ እንደሰደደው ላስታውሳቸው ሞከርኩ።

ሌላ ነገር አለ፤ ፍርሃቱ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ገዳሪፍ ውስጥ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ፖሊስ በከሻ ያፍሳል። ጦርነቱም አላበቃም። ሐኪሙ በደረጃዎቹ ውስጥ ያላስገባው አንድ መንገድ አለ፤ በማታ በገበያው በኩል ማለፍ። እዚያ የሚፈራ ሰው አልታመመም፣ ነቅቷል። ሎሪው ግን ከመንገድ ዳር ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወንድሙ አጠገቡ እያለ የሚያስፈራ ከሆነ ፍርሃቱ ከካርቱም ተከትሎት የመጣ እንጂ ከፊቱ ያለ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያሉትን መንገዶች የሚለይ ሰው የአካባቢው ሰው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ ታላቁ ወንድም ይሻላል።

አሁን ልጁ እስከ መጀመሪያው እርሻ ደርሷል። ግማሽ ቀን ያጭዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። አዲሱ ጠብ የገንዘብ ነው። ቡድኑ የሚከፈለው ባሰረው ነዶ ነው፤ ገንዘቡን እኩል ይካፈላሉ። ታላቁ «ታማሚ ከሆነ ይረፍ፣ እኔ አበላዋለሁ፤ ሠራተኛ ከሆነ እንደ ሰው ሁሉ ያጭዳል» ይላል። ሠራተኞቹም ላባቸውን ለሰው ፍርሃት ማካፈል አይፈልጉም፤ አልፈርድባቸውም። እኔ በነዶው ልክ ለብቻው ይከፈለው ብያለሁ። ልጁ ግን ለብቻው መቆጠሩን እንደ አዲስ ስድብ ነው የወሰደው፤ ቁጥሩን ጠየቅሁት፣ 8 አለኝ።