«ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ለሚል ዘመድ ምን ይመለሳል?

ጉለሌ ውስጥ፣ አዲሱ ገበያም ይሁን ሽሮ ሜዳ፣ ክርስትና ተጠርታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ እንጀራ እንዳይመስላችሁ። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራቴ ተሳስማችሁ ስታበቁ ዘመድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ከላይ እስከ ታች ያያችኋል። ከዚያ «ምነው ከሳሽ?»፣ «አንተማ ወፈርክ!»፣ «ፊትሽን ምን ነካው?» ይከተላል። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ተናግሮም ወዲያው ይረሳዋል። ሰሚው ግን ድግሱ እስኪያልቅ ያቺን አንዲት ቃል ሲያላምጥ ይውላል።

ጥያቄው እንግዲህ ይኼ ነው። የሚወደን ሰው ስለ ገላችን የመናገር መብት አለው ወይ? ካለው እስከ የት ድረስ? ከሌለውስ፣ አዝላ ያሳደገችንን አክስት ሳናዋርድ እንዴት ብለን እናስቆማት?

መልሱን ከመፈለግ በፊት ቃሉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። የ1966ን እና የ1977ን ረሀብ ያየ ሰው «ከሳህ» ሲል ስለ ቁንጅና እያወራ አይደለም። በኋላ ደግሞ ኤች አይ ቪ መጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ክሳት በየሰፈሩ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን የኖረች እናት ልጇን ከላይ እስከ ታች ስታይ የምትመረምረው መልክ ሳይሆን ዕድሜ ነው። ውፍረትም ቢሆን «ደላህ፣ አለፈልህ» ማለት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ዘንድ የአንድ ሰው ገላ የግሉ ብቻ አይደለም፤ ያበላው ቤት ምስክር ወረቀት ነው። አራስ ከሳች ማለት እናቷ አላረሰቻትም፣ ባሏም አላስታመማትም ማለት ነው። ይኼ ደግሞ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። አን ቤከር የተባለች አሜሪካዊት ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት በፊጂ ደሴቶች ያጠናችው ነገር ይመሳሰላል። እዚያም ዘመድ ስለ ዘመዱ ክሳትና ውፍረት በግልጽ ያወራ ነበር፤ የሰውየው ገላ የሚያሳየው ወገኖቹ ምን ያህል እንደተንከባከቡት ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ቴሌቪዥን ወደ አካባቢው ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከተጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ከመቶ ዐሥራ አንዱ ያህል ለመቅጠን ሲሉ ሆን ብለው እንደሚያስመልሱ ተናገሩ። ቴሌቪዥኑ በገባ ሰሞን ግን እንዲህ ያለች አንዲት እንኳ አልተገኘችም ነበር። የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አክስትየዋ ቃሉን የምትናገረው በድሮው ትርጉም ነው፤ የእህቷ ልጅ ግን የምትሰማው በስልኳ ላይ ባየችው ምስል ትርጉም ነው። በአንዲት ቃል ሁለት ዘመን ይጋጫል ማለት ነው።

ታዲያ «ባህላችን ነው፣ ቻሉት» የሚሉ አሉ። ልብ በሉልኝ፤ ባህላችን ራሱ ለዚህ ልጓም አለው። ሕፃን አይቶ «እንዴት ወፍሯል! እንዴት ያምራል!» ብሎ ዝም ያለ ሰው በእናትየው ዘንድ ይጠረጠራል። «ከዓይን ያውጣው» ማለት አለበት። አንዳንዷማ እንትፍ እንትፍ ትልበታለች። በቡዳ ማመን አለማመን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሥርዓቱ ሥር ያለው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፤ በሰው ገላ ላይ የተጣለ ቃል፣ ምስጋና እንኳ ቢሆን፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ተናጋሪው ይጠንቀቅ። «ስለ ሰውነቴ አትናገሩኝ» የምትል ልጅ ከፈረንጅ የመጣ ነገር እየደረደረች አይደለችም። አያቷ ለሕፃን የጠበቀችውን ሥርዓት ለአዋቂም ይድረስ ማለቷ ነው።

አሁን ወደ መልሱ እንምጣ። አንድ ክርስትና እናስብ። ልጅቷ ሴት ናትና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነስታለች፤ ዘመድ በሙሉ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ካለ አንድ ቤት ተሰብስቧል። አራሷ ከስታለች፤ ጉንጯ ላይ ማዲያት ወጥቷል። ታናሽ እህቷ ደግሞ ወፈር ያለች ናት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ዓይነት ቃል ይወረወራል፤ ሦስቱም ለየቅል ናቸው።

የመጀመሪያዋ የባልየው አክስት ናቸው። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? አላበሉሽም እንዴ?» አሏት። ይኼ ጭንቀት ነው። አራሷ እዚህ ላይ የምትወድቅበት ጉድጓድ ማብራራት ነው። «ሌሊት ስለምታስነሳኝ ነው፣ ጡትም ስለማጠባ...» ካለች ስብሰባ ተከፈተ ማለት ነው። አንዷ አብሽ ታዛለች፣ ሌላዋ አጥሚት፣ ሦስተኛዋ ተልባ፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የጡቷ ወተት መብቃት አለመብቃቱ የመላው ቤተሰብ አጀንዳ ይሆናል። የሚበጀው ለጭንቀቱ መልስ ሰጥቶ ፍርዱን ማለፍ ነው፤ «እትዬ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ነኝ፣ ሐኪምም አይቶኛል። እናቴም በደንብ ነው ያረሰችኝ።» እዚህ ላይ ማቆም ነው። አክስትየው የፈለጉት ደህንነቷን ማወቅ ነበር፤ አወቁ። ጥግ ይዘው የተሸማቀቁት እናትም ስማቸው ተመለሰላቸው። ሐኪም ካላያት ግን አየኝ አትበል። «ሰሞኑን እታያለሁ» ብትል ይበቃል።

ሁለተኛው አጎት ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ። ወደ ታናሽየዋ ዞረው «አንቺ ደግሞ የእህትሽን የአራስ ገንፎ ጨረስሽባት መሰለኝ!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ይኼ ጭንቀት አይደለም፤ ቀልድ ነው። እዚህ ሁለት ጉድጓድ አለ። አንዱ አብሮ መሳቅ ነው፤ የሳቀ ሰው ለከርሞ ፈቃድ ፈርሟል። ሌላው «የርስዎስ ቦርጭ?» ብሎ መመለስ ነው። ይኼኛው ያስቃል፤ ግን በገላ መቀለድን ያጸድቃል፤ ያውም በታላቅ ላይ ሲሆን ጥፋተኛዋ ልጅቷ ሆና ትቀራለች። የሚሻለው ድምፅ ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ በሌላው ቀልድዎ ሁሌም እስቃለሁ፤ በሰውነቴ ግን አይቀልዱብኝ፣ እባክዎ» ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም ማለት። ዝምታው ይከብዳል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው። ከዚያ «ጠላ ልጨምርልዎ?» ብሎ መነሳት። ጠላው አጎትየው ሳይዋረዱ የሚወጡበት በር ነው። «እንዴ! ቀልድም ተከለከለ?» ካሉ ደግሞ አዲስ ክርክር መክፈት አያስፈልግም። «ኧረ አልተከለከለም፤ ይኼኛው ብቻ ነው» ብሎ ያንኑ መድገም ይበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። አንዲት ዘመድ ሕፃኗን ተቀብላ ገለጥ አደረገችና «በማን ወጥታ ነው እንዲህ የጠቆረችው? አባቷ እኮ ቀይ ነው» አለች። ይኼ ጭንቀትም ቀልድም አይደለም፤ ሰውን በደረጃ መደርደር ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚሉት ቃላት ሰው ለመለየት ብቻ ቢያገለግሉ ባልከፋ። ችግሩ «ጥቁር ናት ግን ታምራለች» ስንል ነው፤ «ግን» የምትለዋ ቃል ሁሉንም ታጋልጣለች። እዚህ ላይ የሚወደቅበት ጉድጓድ «ቆይ፣ ትቀላለች» ብሎ ማጽናናት ነው። አንደኛ ነገር እውነት አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ፈካ ብሎ በወራት ውስጥ ወደ ራሱ ቀለም መግባቱ የታወቀ ነው፤ የሚጠበቀው መጥቆር ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ «ትቀላለች» ያለ ሰው መጥቆር ጉድለት መሆኑን ተቀብሎ ነው የተከራከረው። መልሱ አጭር ይሁን፤ «መልኳ የኛው መልክ ነው። እኛ ቤት በቀለም አናወዳድርም።» ይኼን መናገር ያለበት ደግሞ አባትየው ነው፤ ተናጋሪዋ የሱ ወገን ናትና። ምራት የባሏን ዘመድ ስትገሥጽ «ሰው አትወድም» ተብላ ትቀራለች፤ ልጅየው ሲናገር ግን የቤት ውስጥ ምክር ይሆናል። ደንቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ለወገኑ ራሱ ይናገር።

እውነት ለመናገር፣ ዝምታ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ክብደቱ ያለምክንያት የቀነሰን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ወንድምን አይቶ «ስለ ሰውነት አይወራም» ብሎ ማለፍ ጨዋነት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። ለቲቢ ምርመራ ሊሄድ ይገባዋል። ልዩነቱ ያለው ቦታውና አነጋገሩ ላይ ነው። ያ ሰው ጓሮ ወጣ ሲል ተከትሎ «ደህና ነህ? ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ?» ማለት ሌላ፣ ሃምሳ ሰው ፊት «ምነው ከሳህ!» ማለት ሌላ። መፍትሔ አቅራቢም ልክ አለው። ያቺ አራስ ማዲያቷ የመጣው በእርግዝናው ሆርሞን ነው፤ ፀሐይ ያብሰዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የሚቆይባትም አለች። «በሳምንት ያጠራል» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቅባት ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት። መጀመሪያ ያፈካል፣ ውሎ አድሮ ቆዳ ያሳሳል፣ ሲቆም ደግሞ ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ «እሰይ፣ አመሰግናለሁ፤ ሐኪም ሳይነግረኝ ግን አልቀባም» ማለት ድፍረት አይደለም።

ያችው ሽሮ ሜዳ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ አላት። ለድግሱ ቀሚስ ልታሰፉ ወደ አገር ልብስ ሱቆቹ ስትገቡ ልብስ ሰፊው ሜትሩን በወገባችሁ ዙሪያ ያዞራል። ከዘመድ ሁሉ ይልቅ ስለ ገላችሁ ልኩን የሚያውቀው እሱ ነው። የሚለው ግን «ጎኑን ትንሽ እንልቀቀው» ነው፤ የሚሰፋው ቀሚሱ እንጂ የምትጠቡት እናንተ አይደላችሁም።

ይኼ ሁሉ በአንድ ቀን አይያዝም። አጎትየው ለፋሲካ ይረሱትና ደግመው ይቀልዳሉ፤ ያንኑ መልስ በዚያው ድምፅ መድገም ነው። መልሱ መስራቱ የሚታወቀው ይቅርታ በመጠየቃቸው አይደለም፤ ከመናገራቸው በፊት ቆም ሲሉ ነው። እስከዚያው ደግሞ እኛም አክስትና አጎት ነን። ዛሬ «ወፈርክ» ተብለን ያኮረፍነው፣ ነገ የወንድማችን ልጅ ስትመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለን ከላይ እስከ ታች ስናያት አፋችን ላይ የሚመጣው ቃል ምንድን ነው?