የራስ ቅልና መብራት በሠዓሊ ገበታ ላይ

ሞትን ማሰብ ብቻውን ሰውን ያድናልን? ይህን ጥያቄ በሁለት ሥዕሎች አማካይነት ልንመረምረው እንወዳለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. የሆላንድ ሰው ፒተር ክላስ አንድ ትንሽ ሥዕል ሠራ፤ ሥዕሉም ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በሥዕሉ ውስጥ ሕያው ሰው የለም። በመጽሐፍና በወረቀት ላይ ጥርሶቹ የጎደሉ የራስ ቅል ተቀምጧል፤ አጠገቡ የላባ ብዕር፣ የተጋደመ ብርጭቆና ክሩ ሊጠፋ የተቃረበ የዘይት መብራት ይታያሉ። ብዕሩ ዕውቀትን፣ ብርጭቆው ተድላን፣ መብራቱ ዕድሜን ሲያመለክቱ፣ የራስ ቅሉ የሁሉንም ፍጻሜ ይናገራል። የዚህ ዓይነት ሥዕል ከመጽሐፈ መክብብ ተወስዶ በላቲን ቋንቋ «ቫኒታስ» ማለት ከንቱነት ተብሎ ተጠርቷል።

ፍሬም በዚሁ ዘመን ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን ፍሬ ሁሉ ስብከት አይደለም። አንዳንዱ የተሣለው የባለጸጋውን ማዕድ ለማሳየት፣ ወይም የሠዓሊውን የእጅ ጥበብ ለማስመስከር ነው። ፍሬው ስለ ሞት የሚናገር መሆኑ በይበልጥ የሚታወቀው፣ መበስበስ የጀመረ ነጥብ ሲታይበት ወይም የራስ ቅል፣ የአሸዋ ሰዓትና የጠፋ ሻማ በአጠገቡ ሲገኙ ነው። እንግዲህ አንዱን ዕቃ ለብቻው ነጥሎ መተርጐም ያሳስታል፤ ትርጓሜው የሚጸናው ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ሲመሰክሩ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከአንበሳሜ ብዙ በማይርቀው በጣና ባሕር፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት አፅም ተጠብቆ ይኖራል። ከእነርሱም አንዱ ከ1632 እስከ 1667 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የነገሡት የአፄ ፋሲል አፅም ነው። ጎንደርን ያሳነጹ ንጉሥ በዚያ በዝምታ ያስተምራሉ፤ የሆላንድ ሠዓሊ በቀለም ያሳየውን ምእመናን በዳጋ በአፅም ያገኙታል።

ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊዎች የራስ ቅልን በገበታ ላይ ብቻውን አልተዉትም። በብዙ የስቅለት ሥዕሎቻችን የራስ ቅሉ በመስቀሉ ግርጌ ይገኛል፤ ይኸውም በትውፊት በጎልጎታ የተቀበረው የአዳም ራስ ነው። የጌታችን ደም በላዩ ሲወርድ ይታያል። ጎልጎታ ማለትም የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቃው አንድ ሲሆን ቃሉ ይለያል። በክላስ ሥዕል የራስ ቅሉ «ታልፋለህ» ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ብቻ የሰማ ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ነገ እሞታለሁ ብሎ ዛሬን ለሆዱ ይሰጣል። በመስቀሉ ግርጌ ያለው የራስ ቅል ግን «ሞቼ ነበር፤ ተፈልጌ ተገኘሁ» የሚል ይመስላል። በሆላንዱ ገበታ ላይ መብራቱ ሊጠፋ ነው፤ እኛ ግን በሙታናችን ፊት ጧፍ እናበራለን። ሞትን ማሰብ ትዕቢትን ያፈርሳል፤ የፈረሰውን የሚያንጸው ግን የትንሣኤ ተስፋ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።